የአረጋውያን የሆድ ድርቀት

ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ወርደው በልጃቸው ቤት የተቀመጡ አንድ አረጋዊ እናውቃለን። በአገራቸው ዳገት ሲወጡ ሲወርዱ ይውሉ ነበር፤ በቆላው ግን ከጥላ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ሙቀቱ በላብ ውኃቸውን ይወስዳል፤ በእርጅና የጥም ስሜት ስለሚደክም ግን አይጠማቸውም፤ ሌሊት ለሽንት እንዳይነሡም መጠጥ ይቀንሳሉ። በዚህ ላይ ለደም ግፊት ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት፣ ለደም ማነስም የብረት እንክብል ታዘዘላቸው። አንጀት በዘገየ ቍጥር ውኃውን ይመጣልና ዓይነ ምድራቸው እንደ ፍየል በጠጥ ደረቀ።

ከሳምንት በኋላ ቀጭን ፈሳሽ ያመልጣቸው ጀመር። ቤተ ሰቡም ተቅማጥ መስሎት የሚያግድ መድኃኒት ሊሰጣቸው ተሰናዳ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነበር፤ የደረቀው መውጫውን ዘግቶ ፈሳሹ በጎኑ ይሾልክ ነበር። ሐኪሙ በጣቱ መርምሮ ይህን ዐወቀ፤ በሚያለሰልስ መድኃኒትም አስወጣላቸው፤ የብረቱንም መጠን ቀነሰ።

አሁን ውኃውን ከጧት እስከ ምሽት በትንሽ በትንሹ ይጠጣሉ፤ ጧትና ማታ ይራመዳሉ፤ ከቍርስ በኋላም እግራቸውን በዱካ ከፍ አድርገው ይቀመጣሉ። የልብ ወይም የኵላሊት ሕመም ያለበት ግን የውኃውን ልክ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሆድ ተነፍቶ ትውከት ቢመጣ ወይም ደም ቢታይ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።