ሦስቷ ክሬዲት

ሰሞኑን አንድ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ጂፒኤዬ ተሳስቷል፣ ለሬጅስትራር ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። ለየብቻ ከምመልስ ባለፈው ዓመት እዚሁ ዘንዘልማ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ባለጉዳዩ ፈቅዶልኛል፤ ስሙንም ዩኒቨርሲቲውንም ግን አልጠራም።

ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ጀምሯል። ሁለተኛ ደረጃ ያስተማርኩት ልጅ አራተኛ ዓመቱን ጨርሶ ከሩቅ አገር መጣና ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት እኔ ጋ ጎራ አለ። ፊቱ ልክ አልነበረም። የመጨረሻው ግሬድ ሪፖርት ወጥቶ ኩሙላቲቩ 1.98 ይላል። ለመመረቅ 2.00 ያስፈልጋል። እናቱ ደግሞ ለምርቃቱ ጠላ ብላ ጌሾውን አስወቅጣ ጨርሳለች።

«ጻፍኩላቸው ቲቸር፣ አልመለሱልኝም» አለና ስልኩን ሰጠኝ። አነበብኩት። መቼም ሁለት ገጽ ይሆናል። የአባቱ መሞት አለ፣ የብሎክ ሕይወት አለ፣ አንድ አስተማሪ እንደሚጠላው አለ፣ መጨረሻ ላይ «ትክክለኛው ጂፒኤዬ 2.09 ነው» ይላል። ከየት አመጣኸው ብለው የስምንቱን ሴሚስተር ጂፒኤ ደምሮ ለስምንት አካፍሎታል።

ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ20 ክሬዲት 1.80፣ በ12 ክሬዲት 2.60 ያመጣ ተማሪ አማካዩ 2.20 አይደለም። ነጥቡ 36 ሲደመር 31.2፣ 67.2 ነው፤ ለ32 ሲካፈል 2.10 ይመጣል። ክሬዲት የበዛበት ሴሚስተር ይከብዳላ! ሬጅስትራር ያለ ሰው 2.09 የሚለውን ሲያይ ልጁ ስሌቱን አያውቅም ብሎ ቢያልፈው አልፈርድበትም።

ቡና እስኪፈላ ወረቀት አወጣን። ስምንቱንም ሪፖርት ዘርግተን የእያንዳንዱን ኮርስ ክሬዲት በግሬዱ ነጥብ እያባዛን ደመርን። ነጥቡ 287 መጣ። ሪፖርቱም 287 ይላል። ክሬዲቱን ስንደምር ግን እኛ 142፣ እነሱ 145። እኔ እዚህ ላይ ነው የተነሳሁት። ነጥቡ ተስማምቶ ክሬዲቱ ከበለጠ፣ ዜሮ ነጥብ ያላት ነገር አካፋዩ ውስጥ ተቀምጣለች ማለት ነው። «ባለ ሦስት ክሬዲት ኤፍ ነበረህ?» አልኩት። አቀረቀረ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ስታትስቲክስ ኤፍ ነበረው፤ ሦስተኛ ዓመት ደግሞ ወስዶ ሲ ፕላስ አምጥቷል።

በእነሱ ሕግ ኮርሱ ሲደገም የሚቆጠረው የኋለኛው ግሬድ ብቻ ነው። ኤፉ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይታያል እንጂ ስሌት ውስጥ አይገባም። 287 ለ145 ሲካፈል 1.98፣ ለ142 ሲካፈል 2.02። ስህተቱ እኮ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ነበር፤ ኩሙላቲቩ ያኔ ከ2.00 በላይ ስለነበረ ማንም ልብ አላለውም።

ኮዶቹን አስተያየን። መጀመሪያ የወሰደው Stat2011፣ የደገመው Stat2023። በመሀል ካሪኩለም ተከልሶ ኮዱ ተቀይሯል። ሲስተሙ ሁለት የተለያየ ኮርስ መስሎት ሁለቱንም ቆጥሯል።

አዲሱ መልእክት ይኸው፣ እንዳለ፦

«ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የኩሙላቲቭ ጂፒኤ ስሌት እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ። ስሜና የመታወቂያ ቁጥሬ ከላይ ተገልጿል። ሁለተኛ ዓመት ላይ በStat2011 (3 ክሬዲት) ኤፍ አግኝቼ፣ ሦስተኛ ዓመት ኮርሱን በአዲሱ ኮድ Stat2023 ደግሜ ሲ ፕላስ አግኝቻለሁ። በግሬድ ሪፖርቴ የሁለቱም ክሬዲት ስለተደመረ ጠቅላላው 145 ሆኗል። የቀድሞው ሲወጣ 142 ሲሆን፣ 287 ነጥብ ለ142 ተካፍሎ 2.02 ይመጣል። የሁለቱንም ሴሚስተር ሪፖርት አያይዣለሁ። የተመራቂዎች ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት እንዲታይልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ስለ አባቱ አንድም ቃል የለም። ከብዶት ነበር፣ እኔንም ከብዶኛል።

በማግስቱ መልስ መጣ፦ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ግን ሁለቱ ኮዶች አንድ ኮርስ መሆናቸውን ዲፓርትመንቱ በደብዳቤ ያረጋግጥ። ሬጅስትራር በራሱ ኮርስ ከኮርስ ጋር አያመሳስልም፤ አንድ ስልክ ደውሎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት ብዬ ተናድጃለሁ፣ አሠራሩ ግን እንደዚያ ነው። ልጁ በዚያው ቀን ተመልሶ ተሳፈረ። የዲፓርትመንት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ሁለት ቀን በራቸው ላይ ቆመ፣ በሦስተኛው ደብዳቤው ወጣ። 2.02 ሆኖ ስሙ ገባ።

ለእናቱ እስከ ዛሬ አልነገርናትም። የምርቃት መጽሔቱ ግን ቀድሞ ማተሚያ ቤት ገብቶ ነበርና የሱ ፎቶ የለበትም። እሷ ማንበብ ስለማትችል ከጓደኞቹ መሀል እየገለጠች «የታለህ?» ትለዋለች።