«በኢትዮጵያ የመጀመሪያው» ብሎ የሚፈርም ማን ነው?

«በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ገዳም ወደሚገኝበት፣ ጥልቀቱ እስከ ዛሬ ወዳልታወቀው ምሥጢራዊ ሐይቅ፣ ከአዲስ አበባ በ5 ሰዓት ብቻ! ፍጹም አስተማማኝ፣ የሠራተኞችዎን ምርታማነት በ40 በመቶ የሚያሳድግ፣ ወደር የለሽ የሐይቅ እስጢፋኖስ ጉዞ!»

ይህን የጻፉት የአንድ አስጎብኚ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኞች ናቸው። ደንበኛው ለሠራተኞቹ የጋራ ጉዞ ማዘጋጀት ፈልጎ ፕሮፖዛል የጠየቀ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ወረቀቱ ወደ እኛ የመጣው «እስቲ አማርኛውን አሳምሩልን» ተብሎ ነበር። አማርኛውማ ምን ጎደለው? ያለ ትንፋሽ ይነበባል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ከነዚያ መስመሮች ውስጥ አንዱም ቢሆን የሚፈርምበት ሰው የለውም።

ለነገሩ ሽያጮቹ ውሸታሞች አይደሉም። ፖስተርና ፕሮፖዛል ተምታቶባቸው ነው። ፖስተር መንገድ ላይ ያለፈ ሰው አይቶት ይረሳዋል። ፕሮፖዛል ግን ግዢ ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ከሌሎች ሁለት ሦስት ፕሮፖዛሎች ጎን ነጥብ ይሰጠዋል፣ ካሸነፈ ደግሞ የውሉ አባሪ ይሆናል። «በ5 ሰዓት» ያለ ሻጭ በ5 ሰዓት የማድረስ ግዴታ ገብቷል ማለት ነው። እንዲያውም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ለፖስተሩም ቢሆን ከልክሏል።

ስለዚህ ያደረግነው ነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ቆርጠን አወጣንና «ይህን ማን ይመሰክራል?» ብለን ጠየቅን። ምስክር ያለው ይቆያል። ግማሽ ምስክር ያለው ምስክሩ እስከሚደርስበት ድረስ ይጠብባል። ምንም የሌለው ይወጣል፤ በቦታውም ደንበኛው በእርግጥ የሚፈልገው መረጃ ይገባል። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ማጋነኑን ብቻ አውጥቶ ክፍተቱን ባዶ የሚተው ሰው ሐቀኛ ግን የማይሸጥ ወረቀት ይዞ ይቀራል።

እንግዲህ ከ«መጀመሪያው ገዳም» እንጀምር። ማን ይመሰክራል? ደብረ ዳሞ ቁጭ ብሎ እያለ ማንም! የደብረ ዳሞ ታሪክ ወደ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ወደ ዘጠኙ ቅዱሳን ዘመን ይመለሳል። የሐይቅ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ወደ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደዋል፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ መጥተው ገዳሙን ያጸኑት ግን እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ነው። «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ወደቀ። ሽያጮቹ ቅር አላቸው። ነገር ግን ገዳሙ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አለው፦ ኢየሱስ ሞዐ ራሳቸው ለገዳሙ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. የ1280/81 ዘመን የተጻፈበት የብራና አራቱ ወንጌል። በአገራችን ዘመናቸው ከታወቀ የብራና መጻሕፍት በዕድሜ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ በማይክሮፊልም ተቀርጾም ተመራማሪዎች ሲጠቅሱት ኖረዋል።

አዲሱ መስመር እንዲህ ሆነ፦ «አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጸኑት፣ በገድላቸው እንደተጻፈው አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም።» ልብ በሉ፤ «በገድላቸው እንደተጻፈው» የምትለዋ ሐረግ ለማፈግፈግ የገባች አይደለችም። ምስክሩን በስሙ የምትጠራ ናት። ትውፊትን ትውፊት ነው ብሎ መጻፍ ማንንም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ትውፊቱን የመዝገብ ቁጥር አስመስሎ ማቅረብ፣ ወይም በተቃራኒው ሁሉን ነገር «እንደሚባለው» እያሉ አንባቢውን እርግጠኛ የሆኑበት አንድም ነገር እንዳይታየው ማድረግ ነው። «እንደሚባለው» ማን እንዳለው አይናገርም። ስለዚህ ከሰነዱ ውስጥ ያገኘናቸውን «እንደሚባለው»ዎች በሙሉ አወጣን።

ስለ ወንጌሉም ቢሆን ገደብ አለ። ሽያጮቹ ሲሰሙት ወዲያው «ጥንታዊውን ወንጌል በዓይንዎ ይመልከቱ!» ብለው ሊጨምሩት ነበር። ይቻላል? እንዲህ ያለ ቅርስ ለጎብኚ የሚወጣው በገዳሙ ፈቃድ ነው፤ አስጎብኚው በሌላው ሰው ፈቃድ ቃል መግባት አይችልም። ስለዚህ «ቅርሶችን ማየት በገዳሙ አስተዳደር ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ የጉዞው ዋጋ ይህን አይጨምርም» ተባለ። የሚገርመው ነገር ያ የብራና ወንጌል ራሱ እንዴት እንደሚጻፍ ያስተምራል፤ ማን እንደሰጠው፣ ለማን እንደሰጠው፣ መቼ እንደሰጠው ይናገራል። ከ700 ዓመት በኋላ የታሪክ ሰዎች የሚያምኑት ለዚህ ነው።

«ጥልቀቱ ያልታወቀ» ላይ ብዙም አልቆየንም። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ ጥናት የሐይቁን ጥልቀት 88 ሜትር ገደማ አድርጎ መዝግቦታል፤ ከዚያ በኋላ የተለኩት ትንሽ ዝቅ ይላሉ። «80 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ» ብለን ጻፍነው። ደግሞስ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ የተነገረው ሰው ጀልባ ሲቀርብለት «የሕይወት ጃኬት አላችሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የሕይወት ጃኬቱ ብዛት ፕሮፖዛሉ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ አልገባም ነበር።

ከዚያ «5 ሰዓት» አለ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐይቅ ከተማ ደግሞ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጣርማ በርን መውጣትና መውረድ፣ በየከተማው ባጃጅና ከብት፣ ምሳ፣ የፍተሻ ኬላ። 5 ሰዓቱ ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ የሽያጩ ልጅ ሳቀና «ሾፌሩ አንድ ጊዜ ሌሊት ብቻውን ሲመለስ» አለ። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ብዙ ነው፤ ከአንድ ጥሩ ቀን ተወስዶ የሁልጊዜ ይሆናል። የምናውቅበት ዘዴ አለን፤ «ይህ ስንት ጊዜ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ «አንድ ጊዜ» ከሆነ ቁጥሩ ገጠመኝ ነው እንጂ የአገልግሎት መግለጫ አይደለም። አዲሱ መስመር፦ «መነሻ ጠዋት 12 ሰዓት፤ የመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ የጉዞ ቀን ነው፤ አዳር ደሴ፤ ወደ ሐይቅ የምንሄደው በማግስቱ ጠዋት።»

«ፍጹም አስተማማኝ» የሚለው ግን ከሁሉም የከበደን ነው። ሌላው ማጋነን ገንዘብ ያስከፍላል፤ ይህ ሰው ሊያስከፍል ይችላል። ደሴና አካባቢዋ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የጦርነት ቀጣና ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም መንገዶችን በየጊዜው ሲያስዘጋ ቆይቷል። በዚህ ሁኔታ «ፍጹም» የሚል ቃል ማንም ሊፈርምበት አይችልም። ሽያጮቹ «እንግዲያው ስለ ደኅንነት ዝም እንበላ» አሉ። ዝምታም ማታለል ነው፤ ደንበኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና። ቃል መግባት የሚቻለው በውጤቱ ላይ ሳይሆን ድርጅቱ ራሱ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። «ከመነሻው 48 ሰዓት በፊት እና በመነሻው ዋዜማ ማታ የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደርና ከደሴ ከሚገኘው ተወካያችን እናጣራለን። አንዱ እንኳ ‹አይሆንም› ካለ ጉዞው ይቀራል። የመሰረዝ ሥልጣን የደንበኛውም ነው። በዚህ ምክንያት ሲሰረዝ ለሆቴል ከተከፈለው ቀብድ በስተቀር ሙሉ ክፍያው ይመለሳል።» ይህ ከ«ፍጹም አስተማማኝ» ይረዝማል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል ሊፈጸም ይችላል። አለመፈጸሙም ሊታወቅ ይችላል።

የ40 በመቶውን ምርታማነት ምንጭ ስንጠይቅ «ኢንተርኔት ላይ አይተነዋል» ተባልን። ወጣ። በቦታው ምን ይግባ? ደንበኛው የላከውን ደብዳቤ እንደገና አነበብነው። የፈለገው አዳዲስ ሠራተኞች ከነባሮቹ ጋር እንዲተዋወቁ ነበር። ስለዚህ በአውቶቡሱ ውስጥ አቀማመጡ አዲስና ነባር የተቀላቀለ እንዲሆን፣ ደሴ ላይም ማታ 2 ሰዓት የሚፈጅ የመተዋወቂያ ጊዜ እንዲያዝ ጻፍን። ድርጅቱ ምርታማነትን ማሳደግ አይችልም፤ ወንበር መመደብና አዳራሽ መከራየት ግን ይችላል።

ሰነዱን ስንጨርስ ከማጋነኑ ሁሉ የባሰውን ያገኘነው ካልተጻፈው ውስጥ ነው። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ሴቶች አይገቡም። ደንበኛው ግማሽ ያህሉ ሠራተኞቹ ሴቶች የሆኑ መሥሪያ ቤት ነው። እስቲ አስቡት፤ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በር ላይ ሲደርሱ «እናንተ እዚህ ቆዩ» ሲባሉ። ዋናው ወረቀት ስለዚህ አንድ ቃል አልነበረውም። እዚያ ውስጥ «ወደር የለሽ» የሚለው ቃል ግን አራት ጊዜ ነበር። ሽያጮቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ «ጉዞውን ያስቀርብናል» ብለው ነው የተዉት። እኛ የጻፍነው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው፦ «ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች መግባት አይፈቀድም። በአቅራቢያው ያለውን የሴቶች ገዳም ከገዳሙ ፈቃድ ጠይቀን ለሴት ተጓዦች እናዘጋጃለን። ፈቃዱ ካልተገኘ ከጉዞው በፊት እናሳውቃለን።» «ደሴቱ» የሚለውንም አስተካከልን፤ ቦታው ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ ጀልባው ከተፈለገ ለሽርሽር እንጂ ለመሻገሪያ አይደለም።

የሽያጩ ኃላፊ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ «እሺ፣ ግን ሌላው ‹አንደኛ ነኝ› ሲል እኛ እንዲህ ብንጽፍ ማን ይገዛናል?» አሉን። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳችን ራስዎን በግዢ ኮሚቴው ወንበር ላይ አስቀምጡ የሚል ነበር። ኮሚቴው ውስጥ ያለችው የሒሳብ ሠራተኛ ለ«ወደር የለሽ» ከ10 ስንት ትሰጣለች? ምንም ልትሰጥ አትችልም፤ ሦስቱም ተወዳዳሪዎች ወደር የለሾች ናቸው። «ከተሰረዘ ገንዘቡ ይመለሳል» ለሚለው ግን ነጥብ መስጠት ትችላለች፤ አለቃዋ ነገ ሲጠይቃትም የምታሳየው መስመር አላት። ራሷ ሴት ከሆነች ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ ሁለት ጊዜ ታነበዋለች።

ኃላፊው ትንሽ አሰቡና «ወደር የለሽ»ን ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ እንድንተውላቸው ለመኑን። በቦታው ምን እንዲገባ እንደሚፈልጉ፣ ድርጅታቸው ከሌሎቹ በምን እንደሚለይ ጠየቅናቸው። «የምንልከው አስጎብኚ የሐይቅ ልጅ ነው። ግእዝ ያነባል፤ ገዳሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል» አሉ። ይህ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የትም አልነበረም! «ወደር የለሽ»ን አጥፍተን እሱን ጻፍን።