መጀመሪያ መሳቢያው፣ ከዚያ ስለቱ

ብዙ ቤት ቢላ የሚሳለው ዶሮ ሊሠራ ሲል ነው። ለአንድ ዶሮ ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል፤ የደነዘ ቢላ ደግሞ ሽንኩርቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፣ ዓይንም ያስለቅሳል። ስለዚህ በዓል ሲቃረብ በየሰፈሩ የሚዞረው ቢላ ሳይ ይጠራል። ቢላው ተስሎ ይመጣል፣ ታጥቦም እንደ ድሮው ከጭልፋና ከሹካ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይወረወራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አክስቴ የተቆረጠችው እንዲህ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ነበር፣ ቢላው የዚያን ቀን ጠዋት ተስሏል። ማታ ዓይኗ ድስቱ ላይ እንዳለ ጭልፋ ፍለጋ እጇን መሳቢያው ውስጥ ከተተች። ሃያ ዓመት እንደዚያ ስታደርግ ምንም ሆና አታውቅም፤ ሃያ ዓመት እዚያ መሳቢያ ውስጥ የተኛው ቢላ ዶልዱም ነበራ። ደሙ እንዲቆም ቡና ነሰነሱበት። ክሊኒክ ስትደርስ ነርሷ ከመስፋቷ በፊት ያንን ዱቄት አጥባ ለማውጣት ብዙ ደከመች። (ቡና አይደረግም። በንጹሕ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ሳይለቁ መጫን ነው። ካልቆመ፣ ቁስሉ አፉን ከከፈተ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ ሐኪም ጋ መሄድ።)

እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ «ስል ቢላ እኔ ቤት አይገባም» አለች። ንዴቷ ይገባኛል፣ ፍርዷ ግን ልክ አይመስለኝም። ዶልዱም ቢላም ይቆርጣል። የቲማቲም ቆዳ ላይ ሲያንሸራትት ጉልበት ትጨምራለህ፣ በድንገት ሲያመልጥ ያ ሁሉ ጉልበት ጣትህ ላይ ያርፋል። እኛ ቤት የጎደለው ሌላ ነገር ነው። የማድ ቤቱ ልማድ በሙሉ የተሠራው ለዶልዱም ቢላ ነበር፤ ቢላው በአንድ ጠዋት ሲቀየር ልማዱ አልተቀየረም። ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ አንድ ነገር ከመቀየርህ በፊት በእሱ ላይ ተደግፎ የሚሠራው ምን እንደሆነ ታያለህ። ስለዚህ እኛ ቤት ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። ስለቱን መጨረሻ ላይ አደረግነው።

የጀመርነው ከመሳቢያው ነው። ዋናው የሽንኩርት ቢላችን ስለቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ 4.5 ነው። ከጠንካራ ካርቶን 22 በ13 ሴንቲ ሜትር ቆርጬ በቁመቱ ለሁለት አጠፍኩት። የቢላው ጀርባ ከእጥፋቱ ጋር ይገጥማል፣ ስለቱ ወደ ክፍቱ ጎን ይዞራል። በክፍቱ ጎን ዳር ዳሩን፣ በሁለቱ ገጾች መሃል፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የካርቶን ቁራጭ አጣበቅኩ፤ ስለቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ስለሆነ ፕላስተሩን አይበጥሰውም። ከዚያ ያንን ጎንና የጫፉን በኩል በፕላስተር አሸግኩ። ሙከራው ቀላል ነው፦ እጀታውን ይዞ ሰገባውን ቁልቁል አዙሮ ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ መነቅነቅ። ከወለቀ ይጠብቃል። ቢላው ሳይደርቅ ከገባ ግን ካርቶኑ እርጥበት ይይዝና ብረቱን ያዝገዋል፤ ሲለሰልስም መቀየር ነው።

መሳቢያው ውስጥ ቢላዎቹ አንድ ጎን ለብቻቸው ተኙ፣ እጀታቸው ሁሉ ወደ ሰው። ጭልፋ በላያቸው አይጫንም። ይህ ለስለቱም ይጠቅማል፤ መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር ከማንኪያ ጋር የሚጋጭ ቢላ ሳይቆርጥም ይደንዛል። ሕፃን ያለበት ቤት ግን ሰገባ አይበቃም፣ መሳቢያውም ቦታው አይደለም፤ ከፍ ያለ መደርደሪያ ይሻላል።

ቀጥሎ አያያዙ። ማድ ቤት ውስጥ ቢላ ይዞ የሚሄድ ሰው ጫፉን ወደ መሬት፣ ስለቱን ወደ ኋላ አድርጎ ከጭኑ አጠገብ ይይዘዋል፣ እጁን አያወዛውዝም። በሰው ጀርባ ሲያልፍ «ቢላ!» ይላል። ከእጅ ወደ እጅ አንቀባበልም፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ፈላጊው ያነሳዋል። ከወደቀ ማንም አይቀልበውም፣ እግርን ሰብስቦ ወደ ኋላ ማለት ብቻ። ለእናቴ በጣም የከበዳት ሳፋው ነበር። አረፋ ውስጥ የተዘፈቀ ቢላ አይታይም፤ ስለዚህ ቢላ ከሌላው ዕቃ ጋር አይነከርም፣ እንደተሠራበት ለብቻው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሰገባው ውስጥ ይገባል።

ሽንኩርት መክተፉም ተቀየረ። እናቶቻችን ሽንኩርቱን መዳፋቸው ላይ ይዘው ስለቱን ወደ አውራ ጣታቸው እየሳቡ ይከትፋሉ፤ መክተፊያው አውራ ጣት ነው ማለት ነው። በዶልዱም ቢላ ይህ ያስኬዳል፣ በስል ቢላ ግን አያስኬድም። አሁን መክተፊያ ጣውላ አለ፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል። ሽንኩርቱ ለሁለት ይከፈልና ጠፍጣፋ ጎኑ ጣውላው ላይ ያርፋል፣ አይንከባለልም። የያዘው እጅ ጣቶች ጫፋቸው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ቢላው የሚደገፈው የጣት መገጣጠሚያ ላይ ነው። «ያዘገየኛል» አለች እናቴ፤ እውነትም ለጥቂት ቀን አዘገያት።

ድንጋዩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሁለት ፊት አለው፦ ሸካራው 400፣ ለስላሳው 1000። አረፋ ማውጣት እስኪያቆም ውኃ ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ እርጥብ ፎጣ ላይ ይቀመጣል። ቁልፉ ማዕዘኑ ነው፤ ለቤት ቢላ 20 ዲግሪ አካባቢ ጥሩ ነው። 4.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቢላ፣ ጀርባው ከድንጋዩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። መያዛችሁን ለማረጋገጥ ስለቱን በማርከር ቀቡና ሁለት ሦስቴ ድንጋዩ ላይ አስኪዱት። ቀለሙ እስከ ጠርዙ ከለቀቀ ልክ ናችሁ፤ ከጠርዙ በላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባውን ትንሽ አንሱት።

አንዱ ጎን ሲሳል ብረቱ በስሱ ወደ ሌላው ጎን ይታጠፋል። በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፣ በጣት ግን ይታወቃል፦ አውራ ጣትን ከጀርባው ወደ ስለቱ አንሸራትቶ ከጠርዙ ማውጣት ነው፣ በጠርዙ ርዝመት ግን ፈጽሞ አይኬድም። ከእጀታው እስከ ጫፉ ከሻከረ ሌላው ጎን ይቀጥላል። በመጨረሻ በ1000ው ላይ በቀላል እጅ ጎን እያቀያየሩ ጥቂት ጊዜ ማስኬድ ያንን እጥፋት ያነሳዋል። ቲማቲሙን ሳትጫኑት ቆዳው ከተከፈተ አልቋል።

ድንጋይ የሌለው ሰው የቡና ስኒ ሥር ያለውን፣ ቅብ ያልነካውን ሸካራ ቀለበት መጠቀም ይችላል፤ ትንሽ የደነዘን ይመልሳል፣ ጨርሶ የዶለዶመን ግን አያድንም። ቢላ ሳዩ ጋ ከሄዳችሁ ደግሞ ብረቱን ቶሎ ቶሎ ውኃ እንዲያስነካው ጠይቁት። ተሽከርካሪው ድንጋይ ብረቱን ያግላል፤ ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ የዚያ ቦታ ጥንካሬው ሄዷል፣ በሳምንት ተመልሶ ይደንዛል።

እንዲህ የተሳለውን ቢላ እናቴ እየፈራችም ቢሆን ትጠቀምበታለች። ጊዜ ያጣ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ባይጨርስ ችግር የለውም፤ ሰገባውን ዛሬ ሠርቶ ድንጋዩን ለሚቀጥለው ወር ማቆየት ይችላል። የተገላቢጦሹን ግን አያድርገው።