የሚጠመጠመውና የሚደፋው

አባቴ 87 ዓመታቸው ነው። ደባርቅ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር በቅስና ሲያገለግሉ ኖረው፣ እናታችን ካረፈች በኋላ ጎንደር እኔ ዘንድ መጥተዋል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ስም እየጠፋባቸው ነው። የሰው ስም ሳይሆን በመጀመሪያ የጠፋባቸው የዕቃ ስም ነው። «ያንን አምጪልኝ» ይላሉ፣ «ያንን… ራስ ላይ የሚሆነውን።» በቤታችን ራስ ላይ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ነው። ነጩ የጥምጣማቸው ሻሽ አለ፣ የሌሊት የሱፍ ቆብ አለ፣ ጋቢ አለ፣ ታናሽ ወንድሜ ከውጭ አገር የላከላቸው ባርኔጣ አለ። የማይፈልጉትን ስናመጣላቸው ይቆጣሉ፤ አንዳንዴም ራሳቸውን ባዶ አድርገው በብርድ ይቀመጣሉ። ለደጋ ሰው፣ ያውም ለቄስ፣ ራስን ገልጦ መዋል ቀላል ነገር አይደለም።

መላውን ያገኘችው አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ናት። «እማዬ፣ አባባ ስሙን ነው እንጂ የሚረሱት ግሡን አይስቱም እኮ!» አለችኝ። ልብ ብዬ ብሰማ እውነቷን ነው። «የምጠመጥመውን» ካሉ ሻሹን ነው። «የምደፋውን» ካሉ ቆቡን ነው። «የምከናነበውን» ካሉ ጋቢውን ነው። እኛ የስሙን መጥፋት እያሰብን ስንጨነቅ፣ ዕቃው እንዴት እንደተሠራና ራስ ላይ እንዴት እንደሚውል እሳቸው በግሡ ይነግሩን ነበር።

አማርኛችን የራስ ልብስን የሚለየው በዚህ ነው። ጥምጣም ከመጠምጠም የወጣ ስም ነው፤ ሲፈታ ጥምጣም የሚባል ነገር የለም፣ ረጅም ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። ቆብ ግን የተሰፋ ወይም የተሠራ ቅርጽ ነው፤ ራስ ላይ ባይሆንም፣ ሣጥን ውስጥም ቢሆን፣ ቆብ ነው። እንደ ጽዋ አፉ ወደ ታች ተገልብጦ ራስ ላይ ይደፋል። ዘውድም ይደፋል፤ ንጉሡና መነኩሴው አንድ ግሥ ይጋራሉ ማለት ነው። በዚሁ በከተማችን ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን እንደተሰጠ የሚታመነው፣ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱትና ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው ባለ ሦስት ደረጃ የወርቅ ዘውድ እንኳ፣ በአሠራሩ ከቆብ ወገን እንጂ ከጥምጣም ወገን አይደለም።

ጥምጣሙን አሁን እኔና ልጄ ነን የምናስርላቸው፤ እጃቸው ከትከሻቸው በላይ አይነሣም። የእሳቸው ሻሽ አራት ሜትር ያህል ነው። በቁመቱ ደጋግመን አጥፈን አንድ መዳፍ እስኪሆን እናጠበዋለን፤ ልጄ ጫፉን ይዛ ራቅ ብላ ትቆማለች፣ ጨርቁ እንዳይላላ ነው። እኔ አንዱን ጫፍ ከቀኝ ጆሯቸው በላይ በአውራ ጣቴ ይዤ፣ በግንባራቸው ላይ አሳልፌ ወደ ኋላ እወስደዋለሁ። ምሥጢሩ ያለው ከኋላ ነው። ከማጅራት በላይ አጥንቱ ጎላ የሚልበት ቦታ አለ፤ ጨርቁ ከዚያ ጉብታ ሥር ካለፈ ይይዛል፣ ከላዩ ካለፈ ግን ትንሽ ቆይቶ ወደ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ዙር የፊተኛውን ግማሽ እየሸፈነ ይወጣል። የመጨረሻው ጫፍ በመርፌ አይያዝም፤ ከዙሮቹ ሥር ይወሸቃል።

ላላ ወይስ ጠበቀ የሚለውን እሳቸው ሊነግሩን አይችሉም። ስለዚህ ሲጨርስ «አባባ፣ እስቲ ዝቅ ይበሉ» እላቸዋለሁ። ሲሰግዱ እንደኖሩት ዝቅ ይላሉ። ካልተንቀሳቀሰ ደኅና ነው፤ ወደ ቅንድባቸው ከወረደ ፈትቶ እንደገና ነው። ሲፈታ ግንባራቸው ላይ የቀላ መስመር ካየሁ ደግሞ ጠብቆባቸው ውሏል ማለት ነው፤ በማግሥቱ አላላዋለሁ። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን አዝናልኝ የተሰፋ፣ ተጠምጥሞ ያለቀ የሚመስል ነገር አመጣችልኝ። አባቴ በእጃቸው አገላብጠው አዩትና «ይኼ የሚደፋ ነው» ብለው መለሱልኝ። ስሙ ጠፍቶባቸው ልዩነቱ አልጠፋባቸውም።

የወንድሜ ባርኔጣ ታሪክ ሌላ ነው። ከተዳመጠ ሱፍ የተሠራ፣ አናቱ ከፊት ወደ ኋላ ስርጉድ ያለ፣ ከፊት በኩል በሁለት ጣት እንደተቆነጠጠ የሆነ፣ ዙሪያውን ልዝብ ጠርዝና ሪባን ያለው ነው። ፈረንጆች ፌዶራ ይሉታል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 ፓሪስ ላይ ከታየ የቪክቶርያን ሳርዱ ቲያትር የመጣ ስም ነው። ከፊት ብቻ ጥላ ያላት ዝርግ ቆብ ሌላ ስም አላት፣ ጥላ የሌላትና ወደ አንድ ጎን ዘንበል የምትለው ቤሬ ደግሞ ሌላ። እኛ ጠርዝ ያለውን ሁሉ ባርኔጣ ብለን እናልፋለን። የሚያስገርመው ቃሉ ራሱ ነው፤ ከጣሊያንኛው «ቤሬታ» ወደ ዐረብኛ ገብቶ «ቡርኔይጣ» የሆነው ያው ቃል ነው፤ ቤሬታ ግን ጠርዝ የሌላት ለስላሳ ቆብ ናት፣ የቤሬ ዘመድ። ኮፍያም እንዲሁ ነው፤ ዐረቦች ኩፊያ የሚሉት በራስ ላይ የሚጣለውን ጨርቅ ነው፣ በእኛ ዘንድ የተሰፋው ሆነ። ስሞቹ አገር ሲያቋርጡ ቅርጻቸውን ጥለው መጥተዋል። አባቴ በስም ባይተማመኑ አይፈረድባቸውም።

ባርኔጣውን ግን አልጠሉትም። የዐፄ ምኒልክን ፎቶግራፍ ያስታውሳሉ፤ ንጉሡ በነጭ ሻሽ ራሳቸውን አስረው ከላዩ ሰፊ ጠርዝ ያለው ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉበትን። አባቴ የፈለጉት እንደዚያ ነው፤ ከጥምጣሙ በላይ። የወንድሜ ባርኔጣ ግን የተለካው ለባዶ ራስ ነው። አልገባ አለና ምስማር ላይ ሰቀልነው።

ያስጨነቀን ነገር የመጣው በጾመ ነቢያት ነው። አንድ ማለዳ አባቴ «ቆብ ልደፋ ነው፤ አምጡልኝ» አሉ። እንግዲህ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻኝም፤ ቄስ ሚስቱ ሞታበት «ቆብ ልደፋ» ካለ ልመንኩስ ማለቱ ነው። እናታችን በሞተች ሰሞን ይህን አንሥተው ያውቃሉ። የሱፉን ቆብ ሳመጣላቸው ስእለታቸውን ቀልድ ያደረግሁባቸው ይመስላል፤ ዝም ብል ደግሞ ወይ በረዷቸዋል፣ ወይም የነፍሳቸውን ጉዳይ አፍኜባቸዋለሁ። ወንድሜ በስልክ «ፈቃዳቸውን ፈጽሙላቸው» አለ፤ ታላቅ እህቴ «የሚሉትን መቼ ያውቁታል!» ብላ አለቀሰች። ለሁለት ቀን በቤታችን ሰላም አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታቸውን ጠራን። አጠገባቸው ቁጭ አሉና «አባ፣ የትኛውን ቆብ ነው?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ዝም አሉ፤ ቃሉን ሲፈልጉት ይታያል። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን እስከ ጉንጫቸው አንሥተው፣ ከጆሯቸው በላይ የሆነ ነገር ይዘው ወደ ታች የሚስቡ መሰሉ። የምንኩስና ቆብ ወደ ጆሮ አይሳብም፤ አናት ላይ ይቀመጣል። ልጄ ተነሥታ የሱፉን አመጣች።

«ጆሮዬን በረደኝ» አሉ አባቴ።

የንስሐ አባታቸው ሊወጡ ሲሉ ደጅ ላይ ወንድሜን በስልክ አናገሩት። ያኛው ቆብ በልጆች ግምት የሚደፋ እንዳልሆነ፣ አባታችን ልባቸው በተመለሰበት ቀን ራሳቸው ከጠየቁ ብቻ እንደሚጠሩ ነገሩት። የስልክ ቁጥራቸውን ግድግዳው ላይ፣ ከባርኔጣው አጠገብ ጻፍኩት።