ቀዩ የቱ ነው?

በጤና ሥራ ውስጥ ሦስት ቀለሞች የማይገቡበት የለም። አረንጓዴ ደህና ነው፣ ቢጫ ተጠንቀቁ፣ ቀይ ድረሱልን። የሕፃናትን ክንድ የምንለካበት ጥብጣብ እንኳ በእነዚሁ ቀለሞች የተከፈለ ነው። እኔም ላሊበላ ተቀምጬ የቀበሌዎችን የክትባት መረጃ በኮምፒውተር ሳጠናቅር የምጠቀመው ዳሽቦርድ፣ ማለትም የወሩን ሥራ በአንድ ገጽ የሚያሳየው ሰንጠረዥ፣ በእነዚህ ቀለሞች የተሞላ ነበር።

አንድ ቀን የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ፣ «እማዬ፣ ክፉው የቱ ነው?» አለኝ። በዐይኑ ፊት አራት ቀይ ሳጥኖች ነበሩ። ለእሱ ግን ቀዩም አረንጓዴውም ቡናማ ቢጤ ነው። ነገሩ ለቤታችን አዲስ አይደለም። አባቴ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ቲማቲም ሲገዛ እያንዳንዱን በጣቱ ጫን ጫን ያደርጋል፤ የበሰለውን ከጥሬው በቀለሙ ስለማይለይ በልስላሴው ይለየዋል።

ይህ ቀለም ያለመለየት ችግር በብዛት በእናት በኩል የሚመጣ ነው። አያትየው ለወንድ ልጁ አያወርሰውም፤ ለሴት ልጆቹ ሁሉ ግን ያስተላልፋል። እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም በደንብ ያያሉ፤ የሚወልዱት እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ግን ችግሩ የሚያገኘው በግማሽ ዕድል ነው። ከአባቴ ወደ ልጄ የተሻገረው በእኔ በኩል ነው ማለት ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ ከአሥራ ሁለት ወንዶች አንዱ ገደማ እንዲህ ነው፤ በአፍሪካ ቁጥሩ ከዚያ ያንሳል፤ ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም። የእኛም አንድ ባልደረባ ስብሰባ ላይ ጎን ለተቀመጠው ሰው ቀስ ብሎ «ቀዩ የቱ ነው?» ሲል እሰማው ነበር። ቀይ ሳጥን ማለት ክትባት ያልደረሳቸው ሕፃናት ያሉበት ቀበሌ ነው። የክትትል ጉዞው የሚወሰነውም በዚያ ስብሰባ ነው።

ስለዚህ ቀለሞቹን ለመለወጥ ተነሣሁ። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ሰማያዊና ቢጫን አጥርቶ ይለያል። ይህን መነሻ አድርገው ማሳታካ ኦካቤና ኬይ ኢቶ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ለሁሉም ዐይን የሚለዩ ስምንት ቀለሞች አዘጋጅተዋል። ከእነሱ ሦስቱን ወሰድኩ። ኮምፒውተሩ ቀለም የሚያውቀው በኮድ ስለሆነ፣ በሰንጠረዡ የቀለም መግለጫ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ነው፤

```
ደህና (90 እና በላይ)    #56B4E9  ፈዛዛ ሰማያዊ
ተጠንቀቁ (ከ70 እስከ 89)  #F0E442  ቢጫ
ድረሱ (ከ70 በታች)      #D55E00  ቀላ ያለ ብርቱካናማ
```

ከስምንቱ ውስጥ ደመቅ ያለ ሌላ ሰማያዊ፣ #0072B2፣ አለ። ስክሪን ላይ ከብርቱካናማው ጋር ሲታይ ያምራል። ችግሩ በጥቁርና ነጭ ማተሚያ ሲወጣ ነው፤ ሁለቱ ተቀራራቢ ግራጫ ይሆናሉ። ወደ ጤና ኬላዎች የሚሄደው ደግሞ እንዲህ የታተመው ወረቀት ነው። ፈዛዛው ሰማያዊ ሲታተም መካከለኛ ግራጫ፣ ቢጫው ነጣ ያለ፣ ብርቱካናማው ጠቆር ያለ ሆኖ ይወጣል። ማንኛውም ሰው ቀለም ከመምረጡ በፊት አንድ ገጽ በጥቁርና ነጭ አትሞ ሦስቱን መለየት ከቻለ ግማሹን መንገድ ተጉዟል።

ሌላው ግማሽ ግን የቀለም ጉዳይ አይደለም። በየሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ከ70 በታች በሆነው አጠገብ ደግሞ ወደ ታች የሚያመለክት ▼ አስቀመጥኩ። ለምሳሌ አንድ ቀበሌ 64 ቢያገኝ ሳጥኑ «64 ▼» ይላል። ወረቀቱ ቢደበዝዝ፣ ፀሐይ ስክሪኑን ቢያነጣው፣ አንባቢው ቀለም ባይለይ፣ መልእክቱ አይጠፋም። የክንድ መለኪያው ጥብጣብ ይህን ድሮውንም ያውቀዋል፤ በቀለሙ ላይ ሴንቲሜትር ተጽፎበታል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ሕፃን ከ11.5 በታች ቀይ ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው። ቀለሙ የጠፋበት ሰው ቁጥሩን ያነባል።

አዲሱን ሰንጠረዥ መጀመሪያ ያሳየሁት ለልጄ ነው። የቱ ክፉ እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ዝም ብዬ ጠበቅሁት። አራቱንም ሳጥኖች በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ቀጥሎ ወረቀቱን በጥቁርና ነጭ አትሜ ሰጠሁት፤ አሁንም አራት አለ። ለባልደረባዬ ምንም ማብራራት አላስፈለገኝም። በሚቀጥለው ስብሰባ ጎን የተቀመጠውን አልጠየቀም፤ «ወደዚህኛው ቀበሌ ማን ይሄዳል?» ብሎ ቀድሞ የተናገረው እሱ ነበር።