አሥራ ሁለት ርዕስ መሸምደድ ያቃተው ሞዴል

ዛሬ በዚህ ቦታ ልለጥፍላችሁ ያሰብኩት ሌላ ጽሑፍ ነበር። ርዕሱ «አማርኛ ለማሽን ለምን ከበደው?» የሚል ነው። ግማሹን ጽፌው ነበር፤ ስለ ግሶቻችን እርባታ፣ በአንድ ድምፅ ስለሚነበቡት ሞክሼ ፊደላት፣ በኢንተርኔት ላይ ስላለው የጽሑፍ እጥረት ብዙ ብያለሁ። ማስረጃዬ ደግሞ ከወዳጄ ጋር ሆነን ሁለት ሌሊት የደከምንበት ሙከራ ነበር። ሙከራው ግን ስለ አማርኛ ምንም አልተናገረም። ይህን ያወቅሁት አምስት ደቂቃ ገደማ በፈጀ ፍተሻ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ፍተሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፉት ዓመታት ለሥራዬ ያጠራቀምኳቸው ወደ 18 ሺህ የሚሆኑ የአማርኛ ዜና ርዕሶች አሉኝ። እያንዳንዳቸው ከስድስት ምድቦች በአንዱ ተመድበዋል፤ ፖለቲካ፣ ንግድ፣ ስፖርት፣ ጤና፣ ዓለም አቀፍና መዝናኛ። ፕሮግራም የሚጽፍ ወዳጄ «ርዕሱን አይቶ ምድቡን የሚነግርህ ሞዴል እናሠልጥን» አለኝ። አስቀድሞ በብዙ ቋንቋዎች የሠለጠነ `bert-base-multilingual-cased` የሚባል ሞዴል አወረደና የእኔን ርዕሶች እንዲማር በላፕቶፑ ላይ ለቀቀው። የመጀመሪያው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ተቋረጠ። በሁለተኛው ሌሊት ተጠናቀቀ።

ውጤቱ ከመቶ 36 ሆነ። ከርዕሶቼ 31 በመቶው ፖለቲካ ስለሆኑ ምንም ሳያነብ ሁሉንም «ፖለቲካ» የሚል ሰው 31 ያገኛል። ሞዴሉ ከዚያ ትንሽ ተሻለ ማለት ነው። የስህተቱ መጠን፣ ባለሙያዎቹ «ሎስ» የሚሉት ቁጥር፣ ከ1.79 ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ 1.58 ወርዷል። ስለወረደ «እየተማረ ነው፣ ግን ቋንቋው ከብዶታል» ብለን ደመደምን። ቀጣዩ ዕቅዳችን ከርዕስ ወደ ሙሉ ዜና ማለፍ፣ ለዚህም ጠንካራ ማሽን በሰዓት በዶላር መከራየት ነበር። ውጭ አገር ያለ የአጎቴ ልጅ በካርዱ ሊከፍልልን ተስማምቷል። እኔም ጽሑፌን ጀመርኩ።

ከመለጠፌ በፊት ረቂቁን በዚህ ሙያ ላይ ለቆየች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ላክሁላት። ስለ እርባታውም ስለ ሞክሼ ፊደላቱም አንድ ቃል አልተናገረችም።

«ለመሆኑ አሥራ ሁለት ርዕስ መሸምደድ ችሏል?» አለችኝ።

«18 ሺህ እያለኝ አሥራ ሁለት ምን ይሠራልኛል?»

«አሥራ ሁለቱን በቃሉ መያዝ ካልቻለ 18 ሺውን ለምን ትሰጠዋለህ?»

ሽምደዳ በትምህርት ቤት የምንነቀፍበት ነገር ነው። በዚህም ሙያ እንደዚያው ነው፤ የተሰጠውን ምሳሌ በቃሉ ይዞ አዲስ ሲመጣ የሚሳሳት ሞዴል «ኦቨርፊት አደረገ» ይባላል፣ ጉድለትም ነው። እዚህ ግን ሆን ተብሎ ይደረጋል። ጥቂት ምሳሌዎች፣ አንድ ትንሽ «ባች»፣ ይወሰዱና ሞዴሉ እነሱን ብቻ ደጋግሞ እንዲያይ ይደረጋል። በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች ያሉት ሞዴል አሥራ ሁለት ምሳሌ መያዝ ሊያቅተው አይገባም። ስህተቱ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ካልወረደ ብልሽቱ የቋንቋው ክብደት ወይም የመረጃ ማነስ ሊሆን አይችልም፤ በመሥመሩ ላይ የተበጠሰ ነገር አለ። አንድሬይ ካርፓቲ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሞዴል አሠለጣጠን በጻፈው የታወቀ መመሪያ ውስጥ ይህን ፍተሻ ከሙሉ ሥልጠና በፊት ከሚደረጉት ነገሮች መካከል አስቀምጦታል።

ከየምድቡ ሁለት ሁለት ርዕስ መርጠን አሥራ ሁለት አደረግን። ወዳጄ የጻፈው ይህን ያህል ብቻ ነው፦

```python
batch = next(iter(train_loader))
model.eval()
for step in range(300):
    optimizer.zero_grad()
    loss = model(**batch).loss
    loss.backward()
    optimizer.step()
    if step % 20 == 0:
        print(step, loss.item())
```

ሁለት ነገር ልብ በሉ። `batch` የሚወሰደው ከድግግሞሹ ውጭ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ውስጥ ቢገባ ሞዴሉ በየዙሩ ሌላ ርዕስ ያያል፣ ፍተሻውም ፍተሻ መሆኑ ይቀራል። `model.eval()` የተባለው ደግሞ በሥልጠና ጊዜ የሞዴሉን የተወሰነ ክፍል በዕጣ የሚያጠፋውን ሥርዓት ለመዝጋት ነው። ያ ሥርዓት የሚጠቅመው ሽምደዳን ለመከላከል ስለሆነ፣ እዚህ የምንፈልገውን ነገር ያውከዋል። መማሩን ግን አያቆመውም።

የመጀመሪያው ቁጥር 1.79 አካባቢ ሆነ። ይህ ትክክል ነው። ስድስት ምድብ ሲኖር፣ ገና ምንም የማያውቅ ሞዴል ለእያንዳንዱ አንድ ስድስተኛ ዕድል ይሰጣል፤ የ6 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ደግሞ 1.79 ነው። ከዚያ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤ 1.4፣ 1.1፣ 0.9። ደስ አለን። 0.85 ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ሦስት መቶውም ዙር አልቆ ንቅንቅ አላለም። ከአሥራ ሁለቱ ርዕሶች በትክክል የመለሰው ስድስቱን ነው።

ጓደኛዬ ቁጥሩን ስንነግራት «የት እንደቆመ ራሱ ፍንጭ ነው» አለች። ከ1.79 ጨርሶ ባይነቃነቅ ኖሮ ትምህርቱ ወደ ሞዴሉ አልደረሰም ማለት ይሆን ነበር፤ የሚስተካከሉት ክፍሎች ተቆልፈው ሊሆን ይችላል። ወደ ላይ ቢፈነዳ ወይም እንደ መጋዝ ጥርስ ቢዘል የእርምጃው ስፋት በዝቷል ማለት ነው። መሀል መንገድ ላይ ጸጥ ብሎ መቆም ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ ምናልባት ሞዴሉ አንዳንዶቹን ርዕሶች አንዱን ከሌላው መለየት አይችልም። «የምታሳየውን ሳይሆን እሱ የሚያየውን አትምና እይ» አለችው።

አተምነው፦

```python
tok = AutoTokenizer.from_pretrained("bert-base-multilingual-cased")
print(tok.tokenize("የጤፍ ዋጋ ጨመረ"))
# ['[UNK]', '[UNK]', '[UNK]']
```

`[UNK]` ማለት «የማላውቀው» ማለት ነው። ይህ ሞዴል የሠለጠነው በ104 ቋንቋዎች የዊኪፔዲያ ጽሑፍ ሲሆን አማርኛ ከእነሱ መካከል የለም፤ በቃላት ዝርዝሩም ውስጥ የግዕዝ ፊደል አልገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ የአማርኛ ቃል «የማላውቀው» ተብሎ ይተካል። «የጤፍ ዋጋ በአዲስ አበባ ገበያ ጨመረ» የሚል የንግድ ርዕስና «ቡድኑ በሜዳው ያደረገውን ጨዋታ ያለግብ ፈጸመ» የሚል የስፖርት ርዕስ ስድስት ስድስት ቃል ናቸው። ለሞዴሉ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ስድስት ጊዜ «የማላውቀው»። የቀረለት መረጃ የቃላቱ ብዛት ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ 0.85 ከየት እንደመጣ በወረቀት ማስላት ቻልን። ከአሥራ ሁለቱ ርዕሶች አራቱ ባለ ሰባት ቃል ሆነው ከአራት የተለያዩ ምድቦች ናቸው፤ ለእነዚህ ሞዴሉ ከአንድ አራተኛ የተሻለ ግምት ሊኖረው አይችልም፣ ስህተቱም ለእያንዳንዳቸው 1.39 ነው። ሦስቱ ባለ ስድስት ቃል ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸው 1.10። ሁለቱ ባለ ስምንት ቃል ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸው 0.69። የቀሩት ሦስቱ ለብቻቸው የሚታወቁ ናቸው፤ አንዱ ባለ አራት ቃል፣ አንዱ ባለ አሥራ አንድ፣ ሦስተኛው ደግሞ «3 ለ 1» የሚል ውጤት የያዘ። ቁጥሮቹን ሞዴሉ ስለሚያውቃቸው ያንን ርዕስ ለየው። የእነዚህ ስህተት ዜሮ ነው። ሁሉም ተደምሮ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 0.85 ይመጣል።

የሁለቱ ሌሊት ውጤትም በዚሁ ተፈታ። ከ31 ወደ 36 የወሰደችው ትንሽ መሻሻል የአማርኛ ዕውቀት አልነበረችም። የስፖርት ርዕሶች የጎል ቁጥር ይበዛባቸዋል፣ አንዳንድ ምድቦች ደግሞ ረዘም ያለ ርዕስ ይወዳሉ፤ ሞዴሉ ያየው ይህን ነው። የሚወርድ ቁጥር ያታለለን ለዚህ ነው። ማሽን ተከራይተን ሙሉውን ዜና ብንሰጠው ኖሮ ደግሞ የባሰ ይሆን ነበር። ሞዴሉ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው 512 ቁራጭ ስለሆነ ረጅሞቹ ዜናዎች ሁሉ እዚያ ላይ ይቆረጣሉ፤ አልፎ አልፎ ከሚገኝ ቁጥር በስተቀር ሁሉም አንድ ዓይነት የ«የማላውቀው» ሰልፍ ይሆናሉ። የአጎቴ ልጅ ገንዘብ ለዚያ ሊከፈል ነበር።

ከዚያ ሞዴሉን በ`xlm-roberta-base` ተካነው። ይህኛው ከሠለጠነባቸው 100 ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በእነዚያው አሥራ ሁለት ርዕሶች ላይ ስህተቱ ከ1.79 ተነሥቶ መቶ ሃምሳ ዙር ሳይሞላ ከ0.01 በታች ወረደ። ያን ሌሊት 18 ሺውን ርዕስ ሰጥተነው አደርን፤ ለፈተና ለይተን ባስቀመጥናቸው ርዕሶች ላይ ከመቶ 81 አገኘ። እኔ «ከብዶታል» ያልኩት ያው አማርኛ ነው።

ፍተሻው የማይናገረውንም ልጨምር፣ ያለዚያ ሌላ የተሳሳተ ጽሑፍ መጻፌ ነው። ወዳጄ የአሥራ ሁለቱን ርዕሶች ምድብ ሆን ብሎ አዘበራረቀው፤ የጤፉን ዋጋ ጤና አለው፣ ጨዋታውን ፖለቲካ። ሞዴሉ እሱንም ሸመደደው፣ ስህተቱም እንደገና ወደ ዜሮ ወረደ። ሽምደዳ የትምህርቱን እውነትነት አይጠይቅም። ስለዚህ ፍተሻውን መውደቅ ብዙ ይናገራል፤ ማለፍ ግን ጽሑፉ ወደ ሞዴሉ መድረሱን፣ ስህተቱ በትክክል መሰላቱን፣ እርማቱም ተመልሶ መግባቱን ብቻ ነው የሚነግረን። የራሴን ምድቦች በተመለከተ ሞዴሉ የሳታቸውን ርዕሶች አንድ በአንድ ሳነብ ብዙ ጊዜ የተሳሳትኩት እኔ ሆኜ አግኝቼዋለሁ፤ ስለ ውጭ ምንዛሪ የወጡ ዜናዎችን አንድ ቀን ንግድ፣ ሌላ ቀን ፖለቲካ ብያቸዋለሁ። ይህን አሥራ ሁለቱ ርዕሶች ሊነግሩኝ አይችሉም ነበር።

ረቂቁን አጥፍቼዋለሁ። የማሽን ኪራዩም ቀርቷል፤ ለርዕስ ብቻ ከሆነ ላፕቶፑ ይበቃል። አሁን የያዝኩት ሥራ የውጭ ምንዛሪ ዜናዎችን እንደገና መመደብ ነው። እስካሁን ሁለት መቶ ያህሉን አርሜያለሁ።