ሰባት መስመር ወይስ 168 ሳጥን?

የአንድ ቤት የመብራት ፍጆታ በየሰዓቱ ሲለካ በሳምንት 168 ቁጥር ይሆናል፤ ሰባት ቀን በሃያ አራት ሰዓት። ስዊድን ውስጥ ማንም ደንበኛ ይህን ቁጥር ከመረብ ድርጅቱ ገጽ ላይ ገብቶ ማውረድ ይችላል። አውርዶ በኤክሴል ሲከፍተው ደግሞ እጁ በልማድ የሚሄደው ወደ መስመር ግራፍ ነው። ጊዜ ያለበት ነገር ሁሉ በመስመር ይሳላል ተብለን ነው የተማርነው። እኔ ግን ጥያቄው “በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት?” ከሆነ መስመሩን ትታችሁ ሂት ማፕ ሳሉ እላለሁ። ለምን እንደሆነ እዚህ ሄሰልቢ ባለ አንድ ቤት ላሳያችሁ።

ቤቱ ሄሰልቢ ቪላስታድ ውስጥ ነው። ባለቤቶቹ ወዳጆቼ፣ አገራቸውን በሆዳቸው ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ጓዳቸው ውስጥ ባለ 3.5 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። የስቶክሆልምን መረብ የሚያስተዳድረው ኤሌቪዮ በጥር 2025 ያስገባው የክፍያ ስሌት ነው ወደ ቁጥሩ የመራን። ስሌቱ በዚያ ዓመት እንዲህ ነበር፦ በወሩ ውስጥ ብዙ ኤሌክትሪክ የሳባችሁባቸው ሦስት ሰዓቶች ከሦስት የተለያዩ ቀናት ይወሰዱ ነበር፤ የሦስቱ አማካይ በእያንዳንዱ ኪሎዋት 80 ክሮና ገደማ ያስከፍል ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ፍጆታ ይታሰብ የነበረው በግማሽ ነው። ስለዚህ ወሩን ሙሉ ቆጥባችሁ በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ሰዓት ብትዘናጉ የምትከፍሉት የእነዚያን ሦስት ሰዓቶች ነበር።

ወዳጄ የሦስቱን ወር፣ ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን፣ በአንድ ረጅም መስመር ስሎ ጠበቀኝ። ከሁለት ሺህ በላይ ነጥብ ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር እሾህ የመሰለ ነገር። ከዚህ ላይ የሚነበበው ጥር ከመጋቢት እንደሚበልጥ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ብርዱ ነግሮናል። መስመር አይንን ወደ ጎን ያስኬዳል፤ ከአንድ ሰዓት ወደ ቀጣዩ። እኛ ማወዳደር የምንፈልገው ግን የማክሰኞን ምሽት ከረቡዕ ምሽት ጋር ነው። እነሱ ደግሞ መስመሩ ላይ በሃያ አራት ነጥብ ተራርቀው ተቀምጠዋል።

ሁለተኛው ሙከራ ሰባት መስመር በአንድ ግራፍ ላይ መደረብ ነው፤ ለየቀኑ አንድ ቀለም። ሁለት ወይም ሦስት መስመር ቢሆን አይከፋም። ሰባት ሲሆኑ አምስቱ የሥራ ቀናት እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ አንባቢው አረንጓዴው ሐሙስ ነው ወይስ ዓርብ እያለ ከግራፉ ወደ ቀለም መፍቻው ሲመላለስ ይደክመዋል። ቀለሙ እዚህ ላይ የቀኑን ስም ከመናገር ሌላ ሥራ የለውም፤ ቀኑን ግን ቦታ ቢናገረው ይሻላል።

ሂት ማፕ ያንን ነው የሚያደርገው። ቀኑ ረድፍ ይሆናል፣ ሰዓቱ አምድ ይሆናል፣ ቀለም ደግሞ ለመጠኑ ነፃ ይወጣል። የማክሰኞ ምሽት ከረቡዕ ምሽት በላይ ተደርቦ ይቀመጣል፤ አይን ወደ ጎን ሲሄድ የቀኑን ውሎ፣ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ የሳምንቱን ልማድ ያነባል። አሠራሩ በፓይተን ይህን ያህል አጭር ነው፦

```python
x = df.tz_convert("Europe/Stockholm")
t = x.index.tz_localize(None) - pd.Timedelta(hours=6)
m = x.pivot_table(index=t.dayofweek, columns=t.hour,
                  values="kwh", aggfunc="mean")
sns.heatmap(m, cmap="viridis", vmin=0, vmax=7, annot=True)
```

ስድስት ሰዓት የቀነስኩት ሆን ብዬ ነው። የፈረንጁ ቀን በእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር ሂት ማፑ ላይ ሌሊቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የዓርብ ማምሻ ግማሹ የዓርብ ረድፍ ቀኝ ጫፍ ላይ፣ ግማሹ የቅዳሜ ረድፍ ግራ ጫፍ ላይ ይወድቃል። ረድፉ ከንጋት ሲጀምር ግን ሌሊቱ ሳይቆረጥ ከቀኑ ጋር ይቆያል። በዚያ ላይ የአምዶቹ ቁጥር ራሱ የእኛው ሰዓት ሆኖ ይወጣል፦ አምድ 1 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አምድ 13 ከምሽቱ አንድ ሰዓት። በግማሽ ይታሰቡ የነበሩት ስምንት የሌሊት ሰዓቶችም ቀኝ ዳር ላይ በአንድ ላይ ተሰድረው ይገኛሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ሲገጣጠም ደስ ብሎኛል።

የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው የሰዓት ማስተካከያም ቸል የሚባል አይደለም። አንዳንድ ፋይል ዓመቱን ሙሉ በማይቀየር ሰዓት ይመጣል፤ አገሩ ግን በመጋቢት የመጨረሻ እሁድ ሰዓቱን ወደ ፊት ይገፋል፣ በጥቅምት የመጨረሻ እሁድ ወደ ኋላ ይመልሳል። ሳይስተካከል ከተሳለ የራት ሰዓት አንድ ደማቅ አምድ መሆኑ ይቀርና ሁለት የደበዘዙ አምዶች ይሆናል። እንዲህ ያለ ጎን ለጎን የተቀባባ ምሽት ካያችሁ ቤተሰቡ ልማድ ስለለወጠ ነው ከማለታችሁ በፊት ሰዓቱን መርምሩ።

ካርታው ሲወጣ መጀመሪያ ያየነው ያልጠበቅነውን ነበር። የረቡዕና የዓርብ ረድፎች መንታ ይመስላሉ፤ ጠዋት ጨለም ያሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ጀምሮ ከሌሎቹ ቀናት ቀድመው የሚበሩ። የቤቱ እመቤት አየት አድርጋ፣ “ጾም አይደል እንዴ! እስከ ዘጠኝ ምድጃውን ማን ይነካዋል?” አለችን። የአዛውንቶች መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ቀን ቤት ትውላለች። ያው መረጃ በሰባቱ መስመር ውስጥም ነበረ፤ ሁለቱን ጥምዝ መስመሮች ከአምስቱ ለይቶ የሚያወጣ ዓይን ግን አልነበረም።

ለሂሳቡ የሚያስፈልገን ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ከፍተኛዎቹ ሰዓቶች የትኞቹ ናቸው? ካርታው በግልጽ የሥራ ቀናትን ምሽት አሳየ፤ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ያለው አምድ ከሰኞ እስከ ዓርብ ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ወደ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት። ቁጥሮቹን ለንባብ አጠጋግቻቸዋለሁ። የቅዳሜ ጠዋት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያለው ሳጥን 4.5 ብቻ ሆኖ ትንሽ ዝቅ ብሏል። እዚህ ላይ ቆመን ቢሆን ኖሮ ምክሩ “ራት ስትሠሩ ተጠንቀቁ” ይሆን ነበር። ምክሩ ደግሞ ስህተት ነው።

ምክንያቱም እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር አይደለም ያለው። የአሥራ ሦስት ሳምንት አሥራ ሦስት ቁጥር ነው፣ እኛ ያየነው አማካዩን ነው። እንጀራ የሚጋገረው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ነው። በጋገሩበት ቅዳሜ 6.4፣ ባልጋገሩበት 2.6፣ አማካዩ ወደ 4.5። ማንም ቅዳሜ ላይ 4.5 ተጠቅሞ አያውቅም። የሥራ ቀናቱ ምሽት ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ አማካዩ እውነተኛ ልኩን ይናገራል። ክፍያው የሚሰላው ከጫፉ ስለነበር እኛም መሳል የነበረብን ጫፉን ነው፤ ኮዱ ላይ `mean` የሚለውን በ`max` መለወጥ በቂ ነው። ያኔ የቅዳሜ ጠዋት ከካርታው ሁሉ ደምቆ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው የቤት ሂሳብ ነው። በወሩ ሁለት የጋገራ ቅዳሜ፣ 6.4 እና 6.2፤ ሦስተኛው ከፍተኛ አንድ የሥራ ቀን ምሽት፣ 4.8። አማካዩ 5.8 ነው። ምጣዱን ማንም አይነካውም፤ እሱ ላይ ድርድር እንደሌለ ገና ሳልጠይቅ ተነግሮኛል። ግን በዚያው ሰዓት የልብስ ማጠቢያው ሌላ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ማጠቢያው ለእሁድ ቢቆይ ቅዳሜዎቹ ወደ 4.4 እና 4.2 ይወርዳሉ፣ ሦስቱ ከፍተኛ ሰዓቶች ሁሉ የሥራ ቀን ምሽቶች ይሆናሉ፣ አማካዩም 4.8። ልዩነቱ አንድ ኪሎዋት ነው፤ በወር 80 ክሮና ገደማ። ሀብታም አያደርግም፣ ግን ልብስ የሚታጠብበትን ቀን ከመለወጥ ሌላ ምንም አላስወጣም።

ሂት ማፕ የሚያጎድለውን አልደብቅም። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል የተባሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሰው በአንድ መለኪያ ላይ ያለን ቦታ አጥርቶ እንደሚያነብ አሳይተዋል፤ በቀለም ድምቀት የሚነገርን መጠን ግን በደረጃቸው ታች ላይ አስቀምጠውታል። 4.5ን ከ4.8 በቀለም ብቻ የሚለይ ሰው የለም፤ ከዚህ በላይ የጠቀስኳቸውን ቁጥሮች ያነበብኩት ሳጥኖቹ ላይ አጽፌ ነው። ቀይና አረንጓዴ ያለበት የቀለም ቅደም ተከተልም አይመረጥ፤ ሁለቱን የማይለዩ ብዙ ወንዶች አሉ፤ ከጥቁር ሐምራዊ ወደ ቢጫ የሚሄደው `viridis` በጥቁርና ነጭ ቢታተም እንኳ ቅደም ተከተሉን አያጣም።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን የቀለሙ ልክ ነው። ከ0 እስከ 7 ብዬ ያሰርኩት ለዚህ ነው። ካልታሰረ ፕሮግራሙ በየጊዜው ትልቁን ቁጥር ፈልጎ ለእሱ ቢጫውን ይሰጠዋል። ማጠቢያው ወደ እሁድ ከሄደ በኋላ ያለውን ወር እንዲሁ ብትስሉት ከፊተኛው ጋር አንድ ዓይነት ደማቅ ካርታ ይወጣና ምንም እንዳልተለወጠ ያስመስላል። አንድ ጊዜ ብቻ ለገና የተለኮሰ ሳውናም ቢኖር በተቃራኒው ሌላውን ሁሉ ያጨልመዋል።

አሁን ወዳጄ የሚፈልገው ለውጡ መዝለቁን ማወቅ ነው። ለዚህ ካርታ አልሳልኩለትም። ከ168ቱ ሳጥን አንዱን፣ የቅዳሜ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያለውን፣ ብቻውን አውጥቼ በየሳምንቱ በመስመር ግራፍ ሠራሁለት። ጥያቄው አንድ ሰዓት በሳምንታት ውስጥ ወዴት እየሄደ ነው የሚል ስለሆነ መስመር ይበቃዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ ብድግ የሚለው ጉብታ ከ6.4 ወደ 4.4 ዝቅ ብሎ እዚያው መቆየቱንም ከሩቅ ያሳያል።